የሞተሩ ተረብ አሳቀው፣ የዋንዛው ለምን አስኮረፈው?

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነው የምሠራው። አምስት ነን፣ ተረብ ከመሀላችን አይጠፋም። አንዱ ጓደኛችን ያገለገለ ሞተር ገዝቶ በሦስተኛው ቀን ጅሬን ዳገት ላይ ቆመበት። ሳምንቱን ሙሉ ስንተርበው ‹እግር የሰጠኝን ፈጣሪ ንቄ ነው› እያለ አብሮን ሲስቅ ነበር። ይኸው ልጅ ሲናገር ይንተባተባል። ባለፈው አንዲት ደንበኛ አልጋው ከምን እንጨት እንደተሠራ ስትጠይቀው ‹ዋ... ዋ...› ላይ ቆመ። እኔ ‹እሱ እስኪጨርስ ዋንዛው ይበቅላል› አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ከሰላምታ ውጪ ጨዋታ የለም። ስለ ሞተሩ ያልነው እኮ ከዚህ የባሰ ነበር። ምኑ ነው እንዲህ የከፋው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ የመልሱን ግማሽ አንተው ጽፈኸዋል። ጓደኛህ ለሞተሩ ተረብ የሰጠውን መልስ እስቲ መልሰህ አንብበው። ራሱን ነው የተረበው። ግን የትኛውን ራሱን? ብሩን ቆጥሮ፣ ሞተሩን በደንብ ሳያስፈትሽ የገዛውን ልጅ ነው። ያ ልጅ አሁን እናንተ መሀል የለም። አሁን ያለው ስህተቱን ያየው ነው። ሁለተኛ ቢገዛ መካኒክ ይዞ የሚሄደው ነው። ስለዚህ እናንተ በገዢው ስትስቁ፣ እሱም ከጎናችሁ ቁጭ ብሎ አብሮ ሊስቅበት ቻለ። አምስታችሁም በአንድ ወገን ነበራችሁ። የሚሳቅበት ልጅ ያለፈው ሳምንት ላይ ቀርቷል።

በዋንዛው ቀን እንዲህ ያለ ርቀት አልነበረም። የሚንተባተበው የትናንቱ እሱ አይደለም። እዚያው ደንበኛዋ ፊት የቆመው እሱ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ የሚገባውም እሱ ነው። «አይ ያ ልጅ!» ብሎ ከጎናችሁ ሊቀመጥ አይችልም። እናንተ በአንድ ወገን ሆናችሁ፣ እሱ ብቻውን በሌላ ወገን ቀረ። ደንበኛዋም ወደ እናንተ ወገን ገባች።

ተረብ ሲጥም ለምን እንደሚጥም አስበው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመልሳል። ጥሩ የመለሰ እንዲያውም ከወርዋሪው በላይ ይከበራል። ጓደኛህ በሞተሩ ጊዜ ምርጥ መልስ ነበረው፣ አንተም እስከ ዛሬ አልረሳኸውም። በዋንዛው ቀን መልስ መስጠት ቢፈልግስ በምን ይመልስ? በዚያው በተሳቀበት አፍ ነው። አፉን ከፍቶ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ቢያዝ ያንተን ተረብ ራሱ አረጋገጠልህ ማለት ነው። መውጫው በሩ ብቻ ነበር፣ በእሱም ወጣ። ስለዚህ ወጥቶ መሄዱን ኩርፊያ ብቻ አድርገህ አትየው። በዚያች ደቂቃ የቀረው መልስ እሱ ነበር።

በሙያችን ይህን ለማስረዳት የምንጠቀምበት አንድ ሐሳብ አለ። በርናርድ ዋይነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው በሰፊው ያጠናው። አንድ ነገር ሲደርስብን ምክንያቱን እንፈልጋለን፣ ያገኘነውን ምክንያት ደግሞ በሦስት መንገድ እናየዋለን ይላል። ከእኔ ነው ወይስ ከውጭ? ይቆያል ወይስ ያልፋል? በእጄ ነው ወይስ ከእጄ ውጭ? ስሜታችን የሚወሰነው ለእነዚህ በምንሰጠው መልስ ነው።

የሞተሩን ጉዳይ በዚህ መዝነው። አዎ፣ ከእሱ ነው፣ የገዛው እሱ ነው። ግን ያልፋል፣ ሞተሩም ይሸጣል። በእጁም ነው፣ ሌላ ጊዜ አጣርቶ መግዛት ይችላል። መንተባተቡን ደግሞ መዝነው። ከእሱ ነው፣ አብሮት ይኖራል፣ ከእጁም ውጭ ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ የሚመጣው ስሜት ጸጸት አይደለም። ኀፍረት ነው።

ጸጸትና ኀፍረት ስንናገር ይቀላቀሉብናል እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሔለን ብሎክ ሉዊስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው ሥራ ልዩነቱን አጥርታ አሳይታለች። ጸጸት «ያደረግኩት ነገር መጥፎ ነው» ይላል። ኀፍረት «እኔ ራሴ ጎዶሎ ነኝ» ይላል። የተጸጸተ ሰው የሚሠራው ነገር አለው፤ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያስተካክላል፣ በራሱ ይስቃል። ያፈረ ሰው ግን ምኑን ያስተካክል? አንገቱን ይደፋል፣ ከሰው ዓይን መጥፋት ይፈልጋል። «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ» የምንለው ለዚህ ነው። በመረጠው ነገር ስትተርበው ቢበዛ ጸጸቱን ትነካለህ። በተፈጠረበት ነገር ስትተርበው ግን በቀጥታ ኀፍረቱ ላይ ታርፋለህ። ያንተ ቃል ክብደት ብዙም ለውጥ አያመጣም። ለሞተሩ «ደደብ» ብለኸው ሊሆን ይችላል። ለዋንዛው ስድብ እንኳን አልተናገርክም። የከበደው ግን የቱ እንደሆነ አይተሃል።

አሁን ምናልባት በልብህ «ግን እኮ ሲፈልግ ይናገራል» ትል ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ስለሚለኝ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መንተባተብ አመል የሚመስለን አንዴ ስለሚመጣ አንዴ ስለሚጠፋ ነው። ሰኞ ጥሩ ይናገራል፣ ማክሰኞ ይያዛል። ከእናንተ ጋር ሲሆን ይቀለዋል፣ ደንበኛ ፊት ይጠናበታል። ዘፈን ሲዘፍን ወይም መንዙማ ሲል ምንም አይንተባተብም። ታዲያ እንዲህ ከሆነ በእጁ ነው እንላለን።

አይደለም። ሲዘፍኑ ወይም ከሰው ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነቡ መንተባተብ በጣም መቀነሱ በሚንተባተቡ ሰዎች ሁሉ ዘንድ ማለት ይቻላል የሚታይ ነገር ነው። ዜማው ጊዜውን ይሰጠዋል፤ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያነሳ እሱ መወሰን የለበትም። በተራ ንግግር ግን አንጎሉ የከንፈሩን፣ የምላሱንና የትንፋሹን ሰዓት ራሱ ማገጣጠም አለበት። ችግሩ ያለው እዚያ ማገጣጠም ላይ ነው። ከፍርሃት የመጣ አይደለም፣ ከአስተዳደግም አይደለም። በቤተሰብ ይወረሳል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉን ይነካል፣ አብዛኞቹን ሲያድጉ ይለቃቸዋል። ከ100 አዋቂዎች አንድ ያህሉ ላይ ይቀራል። ወንዶች ላይ ይበዛል። ሰዎች እያዩት መሆኑና የመቸኮል ስሜት ደግሞ ያብሰዋል። ደንበኛዋ ቆማ እየጠበቀችው ነበር። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡበት።

ስለ እሱ አንድ ነገር ደግሞ ላሳይህ። ከዚህ በኋላ ሲናገር ብትሰማው ታስተውለዋለህ። የሚንተባተብ ሰው የሚከብደውን ቃል ቀድሞ ያውቀዋል። ሳይደርስበት አሻግሮ ያየውና በሌላ ቃል ይለውጠዋል። «መላጊያውን ስጠኝ» ማለት ከከበደው «ያንን ስጠኝ» ብሎ በጣቱ ያሳይሃል። «ነገ» ካስቸገረው «ሲነጋ» ይላል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲመርጥ ነው የሚውለው፣ እናንተም አታዩትም። ስም ግን አይለወጥም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ የራሳቸውን ስም ሲጠየቁ በጣም የሚቸገሩት። ዋንዛም ስም ነው። ደንበኛዋ የእንጨቱን ስም ነው የጠየቀችው፣ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ ብሎ ሊያልፈው አይችልም። መሸሻ የሌለው ቃል ላይ ደረሰ፣ ግን አልሸሸም፣ ሊለው ሞከረ። ያንተ ተረብ የመጣው ልክ እዚያ ላይ ነው። ሊደብቀው ሲለፋ የኖረውን ነገር ሁሉም ያየው እንደነበር በዚያች ቅጽበት ተነገረው።

ሌላው ልዩነት የቁጥር ነው። የሞተሩ ተረብ ለእሱ አዲስ ነበር። ዕድሜው አንድ ሳምንት ነው፣ አንድ ወር ቆይቶም ይረሳል። ስለ አነጋገሩ ግን ያንተ ስንተኛው ይመስልሃል? አንደኛ ክፍል ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ሲታገል ተሳቆበታል። ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅ ሲላክ፣ ስልክ ሲያነሳ ተሳቆበታል። አንተ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርክ። እሱ የሰማው ግን ያን ሁሉ ደምሮ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም። «ጆሮ» ነበር የምባለው። ስሙን ያወጣልኝ አንድ የሰፈር ትልቅ ልጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ኳስ ያጫውተን ነበር። በቆሸሸ ጫማዬም፣ በሞኝነቴም ይቀልድብኝ ነበር፤ ያንን ዛሬ ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ጆሮዬን ግን እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ በሻሽ ሸፍኜ ኖሬያለሁ። ሙቀት ቢሆን፣ ክፍል ውስጥ ቢሆን። አንድ ቀን እናቴ ሻሹን ልታጥብ ስትወስድብኝ ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። ልጁ ይህን አያውቅም። ከዓመታት በኋላ አግኝቼው በፍቅር አቀፈኝ፣ ቅጽል ስሙን ጭራሽ አላስታወሰውም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፣ ምክንያቱንም በጥናት ያዩ አሉ። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የሚቀልድና የሚቀለድበት ሰው አንዱን ቀልድ እንዴት እንደሚያዩት አነጻጸሩ። የሚቀልደው የራሱን ሐሳብ ስለሚያውቅ ቀልዱን ለስላሳ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሚቀለድበት ግን ያንን ሐሳብ አያይም፣ የሚያየው ቃሉን ነው። አንተ ስትናገር በውስጥህ ፍቅር እንደነበር እኔ አምንሃለሁ። ባይኖር ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጽፍም ነበር። ፍቅሩ ግን ውስጥህ ነው የቀረው። ወደ እሱ የሄደው ዋንዛው ነው። «ቀልዴን እኮ ነው» የሚለው ቃል የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ እሱ ያላየውን ነገር ማስረጃ አድርገህ ታቀርብለታለህ።

ይህን ሁሉ ሰምተህ «በምርጫ መተረብ ሁልጊዜ ደህና ነው» ብለህ እንዳትሄድ ግን። ምርጫ የሚባለው ሌላ ማድረግ ይችል ሲሆን ነው። ሰልባጅ ጫማ ያደረገ ሰው ሌላ የሚገዛበት ስላጣ ከሆነ ጫማው ምርጫ አይደለም፣ ኪሱ ነው። በጫማው ብትስቅ በድህነቱ ሳቅክ። ሞተሩን እንኳ አስበው። ለእናቱ መድኃኒት ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ የገዛው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሳቅ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። አላገባህም፣ አልወለድሽም፣ ወፈርሽ፣ ከሳህ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ የሰው ውሳኔ ይመስላሉ። ከውስጥ ብዙውን ጊዜ አይደሉም። «እስካሁን ሳትወልጂ?» ተብላ በቡና ላይ የተቀለደባት ሴት ስንት ዓመት ሐኪም ቤት እንደተመላለሰች ቀላጇ አታውቅም።

እዚህ ጅማ ደግሞ አንድ አለ፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ቅር ይለኛል። ኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር በአነጋገሩ መሳቅ። ወይም አማርኛ አፉን የፈታው ኦሮምኛ ሊሞክር ሲል። በየሱቁ፣ በየታክሲው ይሰማል። አፍ የፈታህበትን ቋንቋ አንተ አልመረጥከውም። ምላስህ ላይ የቀረው ድምፅም እንደ ቁመትህ ያለ ነገር ነው። ብዙ ተማሪ ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ያቆመው በዚህ ሳቅ የተነሳ እንደሆነ ነግረውኛል።

በተቃራኒው ደግሞ የማይለወጥ ነገራቸውን ራሳቸው የሚተርቡ አሉ። አጭሩ ሰው ራሱ «ከላይ ያለውን አውርዱልኝ» ብሎ ያስቃል። ይህ ፈቃድ ይመስላል፣ አንዳንዴም ነው። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። ጨዋታውን ማን ጀመረው? «በቃ» ቢል ይቆማል ወይ? እሱ በሌለበት፣ የማያውቁት ሰዎች ፊትም ይነገራል ወይ? ራሱ ጀምሮት፣ ሲፈልግ የሚያቆመው ከሆነና ከእናንተ ውጭ ካልወጣ፣ ቀልዱ የእሱ ነው። ከሌላ ሰው እንዳይመጣበት ቀድሞ የሚናገረው ከሆነ ግን ጋሻ ነው፤ ሰው ጋሻውን ስላነሳ ውጋው ማለት አይደለም። ያንተ ጓደኛ ስለ አነጋገሩ ራሱ ቀልዶ ያውቃል? ጥያቄህ ውስጥ አላየሁትም።

ደንበኛዋም ጉዳዩን አክብዳዋለች። በሞተሩ ጊዜ የሳቃችሁት አምስታችሁ ብቻ ነበራችሁ፣ ሁላችሁም በሌላ ሌላ ነገሩ ታውቁታላችሁ። እጁ ምን ያህል የተካነ እንደሆነ፣ ባርጩማውን ሦስት እግር አቁሞ እንዴት እንደሚያወጣው ታውቃላችሁ። እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየችው። ከእሱ የያዘችው ነገር ቢኖር ያንን ብቻ ነው። ያውም በሥራው ቦታ፣ ስለ ሥራው ተጠይቆ።

ስለ ፈገግታው ጽፈሃል፣ «እሱም ትንሽ ፈገግ አለ» ብለህ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ደስ ብሎት የሚስቅ ሰው ዓይኑም ይስቃል፣ ቀልዱ ላይ ይጨምርበታል፣ ወይም ይመልስልሃል። በሞተሩ ጊዜ እንዳደረገው ማለት ነው። ያፈረ ሰው ፈገግታ አጭር ነው። ከንፈሩን ሊቆጣጠረው ይሞክራል፣ ዓይኑ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ ብዙ ጊዜ እጁ ወደ ፊቱ ወይም ወደ አንገቱ ይሄዳል። ምናልባት ዝቅ ብሎ ልብሱ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራግፎ ይሆናል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰኮንድ ያልቃል፣ የሚስቅ ሰው ደግሞ አያየውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ይታያል። ቡና ላይ መቀመጫውን ይቀይራል፣ ስልክ የሚያነሳው ሌላ ሰው ይሆናል፣ ደንበኛ ሲመጣ ወደ ጓሮ ይገባል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከእነዚህ አንዱን አይተህ ይሆናል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ይቅርታ መጠየቅ አለብህ፣ አጠያየቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽማግሌ አትላክ፣ የሌሎቹንም አማላጅነት አትፈልግ። ነገሩን ታገዝፍበታለህ፣ ስለ አነጋገሩም አምስት ሰው እንዲመክር ታደርጋለህ። ብቻችሁን ስትሆኑ ይሁን። ፊት ለፊት ተፋጣችሁ ከምትቆሙ ጎን ለጎን እየሠራችሁ ቢሆን ይሻላል። «ቅር ብሎህ ከሆነ» አትበል፣ ቅር ብሎታል። «ቀልዴን ነበር» አትበል፣ ለምን እንደሆነ ነግሬሃለሁ። እንዲህ በለው፦ «የዛን ቀን ደንበኛዋ ፊት በአነጋገርህ ቀለድኩብህ። ጥፋት ነው። ሁለተኛ ከእኔ አትሰማውም።» ይህ ይበቃል። ሁለታችሁ የምትቀራረቡበት ቋንቋ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ በለው። ከዚያ ዝም በል፣ መልስ እንዲሰጥህ አትጠብቀው። በተለይ እሱን መልስ ማስቸኮል ያንኑ ነገር መድገም ነው። «ምንም አይደል» ቢልህም እሺ ብለህ ሥራህን ቀጥል። «አይ፣ በእውነት ይቅር በለኝ» እያልክ ብትደጋግመው አንተን ማጽናናት የእሱ ሥራ ይሆናል።

ከሌሎቹ አንዱ ቆይቶ የዋንዛዋን ቀልድ ቢያነሳት፣ ጥሩ ተረብ ስለሆነች መነሳቷ አይቀርም፣ አንተ «እሷን ተዋት» በልና ወሬ ቀይር። ስብከት አታድርገው። የተናገርካት አንተ ስለሆንክ ማቆምም የሚያምርብህ አንተ ነህ።

ሲናገር ደግሞ ቃሉን አትጨርስለት። «ቀስ በል»፣ «ተረጋጋ»፣ «ትንፋሽ ውሰድ» አትበለው። በደግነት የሚባሉ ናቸው፣ ግን እያየኸው እንደሆነና እንደተቸኮለ ነው የሚነግሩት። ዓይኑን እያየህ ጠብቅ። የሚለውን ስማ እንጂ አባባሉን አትከታተል። ደንበኛ ካለችና ከተያዘ ደግሞ አትዝለልበት፤ እንድትናገርለት በዓይኑ ካልጠየቀህ በቀር ዝም ብለህ መላግህን ቀጥል። አንተ ሳትደነግጥ ከቆየህ ደንበኛዋም ትጠብቃለች።

አንድ ስህተት ግን እንዳትሠራ እፈራለሁ። ከእንግዲህ እሱን አልተርብም ብለህ ጨርሰህ እንዳትተወው። ሌሎቹ ሲተረቡ እሱ ብቻ በጥንቃቄ ከተያዘ፣ ያ ራሱ በሌላ መንገድ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። የጎደለበት እናንተ ጋር መቀለድ አይደለም፤ እናንተ ጋር በአንድ ወገን መቀመጥ ነው። ሞተሩ ገና አለ አይደል? ይቅርታውን ከጠየቅህ በኋላ ጥቂት ቀን አሳልፍና፣ አሥር ሰዓት ቡናው ሲቀዳ «ያ ሞተር ጅሬንን ወጣ ወይስ እስካሁን እየገፋኸው ነው?» በለው። ከዚያ ስኒህን ይዘህ፣ ምንም ያህል ቢቆይ፣ መልሱን እስኪጨርስ ጠብቀው።